ከተማን በጠዋት ማቋረጥ፦ በቀጥታ ሚኒባስ፣ በዋናው መናኸሪያ በኩል ወይስ ከመሀል ከተማው በፊት ወርዶ?

ከአንዱ የከተማ ዳርቻ ተነስቶ መሀል ከተማውን በማለፍ ወደ ተቃራኒው ዳርቻ በጠዋት የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት አማራጮች መካከል ይመርጣል። አንደኛው፣ ካለ፣ ከሰፈሩ እስከ መድረሻው ሳይቀይር የሚወስደውን ቀጥታ ሚኒባስ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መሀል ከተማ ወደሚገኘው ትልቅ መናኸሪያ ገብቶ እዚያው ሌላ ሚኒባስ መያዝ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ መሀል ከተማው ሳይደርስ አንድ መጋጠሚያ ላይ ወርዶና ጥቂት በእግሩ ሄዶ በሌላ መንገድ የሚያልፉ ሚኒባሶችን መያዝ ነው። ከዚህ በታች ሦስቱን የማነጻጽረው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ወንበር የትኛው ቦታ ላይ ቶሎ ይገኛል በሚለው ነው።

ርዝመቱን ያልመረጥኩት ሦስቱም መስመሮች ሰውን በመኪና ውስጥ የሚያስቆዩት ጊዜ ብዙም ስለማይራራቅ ነው። አጭሩ መንገድ ተዘጋግቶ ይቆማል፤ ረጅሙ በዝግታም ቢሆን ይንቀሳቀሳል፤ በመጨረሻ ልዩነቱ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰዓት የሚበላው ቆሞ መጠበቅ ነው። ሚኒባስ በሰዓት ሰሌዳ የሚነሳ አይደለም፤ ሲሞላ ይነሳል፣ ሞልቶ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በመንገድ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው አይጠቅምም። ካርታ ይህንን አያሳይም። በናይሮቢ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች መስመሮች በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካርታ ተስለው ለሕዝብ ሲወጡ ተጓዡ የትኛው መስመር የት እንደሚያልፍ በአንድ ወረቀት ላይ ማየት ችሏል፤ ይሁን እንጂ በጠዋት በአንድ ፌርማታ የሚያልፈው መኪና ወንበር ይኑረው አይኑረው የሚነግረው እዚያው ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ነው። የትራንስፖርት አቃጆችም ስሌት ሲሠሩ ቆሞ የተጠበቀን አንድ ደቂቃ ተቀምጦ ከተጓዙበት ሁለት ደቂቃ ጋር አቀራርበው የሚቆጥሩት ለሰው የሚሰማው ክብደት እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ሰልፍን በርዝመቱ አለመመዘን

ከማነጻጸሩ በፊት አንድ ልማድ መታረም አለበት፤ እርሱም ረጅም ሰልፍ አይቶ መሸሽና አጭር ሰልፍ አይቶ መቆም ነው። ሰልፍ የሚለካው በፊት በቆሙት ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን መኪናው በሚመላለስበት ፍጥነትም ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ከፊት ያሉትን ሰዎች በአንድ ሚኒባስ ወንበሮች ቁጥር አካፍሎ ስንት መኪና ሞልቶ መሄድ እንዳለበት ማወቅ፣ ከዚያም በሁለት ተከታታይ መኪናዎች መካከል ያለውን ጊዜ በሰዓት መለካትና ሁለቱን ማባዛት። ሚኒባሱ 12 ሰው የሚጭን ከሆነ፣ 84 ሰዎች ያሉበትና በየ2 ደቂቃው መኪና የሚመጣበት ሰልፍ ሰባት መኪና አስጠብቆ በስምንተኛው ያሳፍራል፤ ይህም ከ14 እስከ 16 ደቂቃ ነው። 60 ሰዎች ያሉበትና በየ7 ደቂቃው መኪና የሚመጣበት ሰልፍ ግን በስድስተኛው መኪና የሚያሳፍር ስለሆነ ከ35 እስከ 42 ደቂቃ ያቆማል። በዐይን አጭር የሚመስለው ከእጥፍ በላይ ይዘገያል ማለት ነው። ሰልፉ ላይ ደርሶ ሁለት መኪና ሲጭን ብቻ ማየት ለዚህ ግምት ይበቃል፤ ሦስተኛውን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሰልፍ በሌለበት ፌርማታ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። «በአማካይ በየ6 ደቂቃው አንድ ያልፋል» የተባለ መስመር በአማካይ 3 ደቂቃ ብቻ የሚያስጠብቅ ይመስላል። መኪናዎቹ ልክ በየ6 ደቂቃው ቢመጡ እውነት ይሆን ነበር። ሆኖም በተጨናነቀ መንገድ ሦስቱ ተያይዘው ይመጡና ለ18 ደቂቃ አንድም አይታይም፤ አማካዩ አሁንም 6 ነው፣ በዘፈቀደ ሰዓት ፌርማታው የደረሰ ሰው ግን በአማካይ 9 ደቂቃ ይጠብቃል። ስለዚህ «በየስንት ደቂቃው ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ተያይዘው ይመጣሉ ወይስ ተራርቀው የሚለው ሌላው ግማሽ ነው።

ቀጥታው ሚኒባስ

የቀጥታ መስመር ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አንዴ ከተቀመጡ ሁለተኛ ግፊያ የለም፣ ዕቃ የያዘ ወይም ሕፃን ያቀፈ ሰው አይንገላታም። ድክመቱ ግን ከመንገዱ ርዝመት ይወለዳል። አንድ ሚኒባስ ረጅም መስመር ሄዶ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በመስመሩ ላይ ያሉት መኪናዎች ቁጥር እኩል እንኳ ቢሆን በመነሻው የሚታየው ምልልስ አነስተኛ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ተበላሽቶ ቢቀር ወይም በመንገድ መዘጋት ቢያዝ ክፍተቱ ወዲያውኑ በሰልፉ ላይ ይታያል።

ሌላው ችግር ቀጥታው መስመር በጠዋት ሊጠፋ መቻሉ ነው። ሾፌሩ ረጅሙን መንገድ እስከ መጨረሻው ከመሄድ ይልቅ ቆርጦ ቢጭን፣ ማለትም እስከ መሀል ብቻ ወስዶ ቢመለስ፣ በዚያው ሰዓት ተጨማሪ ምልልስ ይሠራል። ታፔላው ሙሉውን መስመር ቢያሳይም ረዳቱ የሚጠራው የመሀሉን ቦታ ብቻ ከሆነ ነገሩ ታውቋል። አንዳንዱ መጨረሻውን ይጠራና መሀል ሲደርስ «እዚህ ነው የምንመለሰው» ይላል፤ በዚህ ጊዜ ተጓዡ ያልመረጠው ቦታ ላይ፣ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው የመቀየሪያ ቦታ ላይ ይወርዳል። ከመሳፈር በፊት «እስከ መጨረሻው ነው?» ብሎ ረዳቱን መጠየቅና ጎን ለጎን የሚገቡት ሰዎችም የት እንደሚወርዱ ማዳመጥ ይጠቅማል። ሁሉም መሀል የሚወርዱ ከሆነ ሾፌሩ ለአንድ ሰው ብሎ አይቀጥልም።

ዋናው መናኸሪያ

የመሀል ከተማው መናኸሪያ ሁሉም መስመር የሚገናኝበት በመሆኑ መንገዱን ለማያውቅ ሰው አስተማማኝ ነው፤ ከጠፋም እዚያ ሁሉም ይገኛል። ከዳርቻ ወደዚያ የሚሄዱ መኪናዎችም ብዙ ስለሆኑ የመጀመሪያው ሰልፍ ቶሎ ያልቃል። ዋጋው የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፌርማታዎች ከጉዞው ሁሉ የሚያዘግሙ ናቸው፤ ሁሉም ሚኒባስ ወደ አንድ በር ለመግባት ስለሚሰለፍ ለመጨረሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር አሥር ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። ከወረዱ በኋላም የሚያራግፉበትና የሚጭኑበት ቦታ ተራርቆ ስለሚገኝ በሕዝብ መካከል እየተጋፉ መሻገር አለ።

ሁለተኛው ጉዞ ግን ከመጀመሪያው የተለየ ባሕርይ አለው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በጠዋት ሰው የሚጎርፈው ከዳርቻ ወደ መሀል ነው። ከተማውን የሚያቋርጥ ሰው የጉዞውን የመጀመሪያ ግማሽ ከጎርፉ ጋር፣ ሁለተኛውን ግማሽ ደግሞ በጎርፉ ተቃራኒ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞ የሚጎድለው ሚኒባስ ሳይሆን ሰው ነው። መኪናው በተራው ላይ ቆሟል፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ረዳቱ በደከመ ድምፅ ይጣራል። ባዶ ወንበር ማየት ቶሎ መሄድ አይደለም፤ በየደቂቃው አንድ ሰው ብቻ የሚመጣ ከሆነ ዘጠኝ ባዶ ወንበር ማለት ገና ዘጠኝ ደቂቃ ማለት ነው። ተራ አስከባሪው መኪናው ሳይሞላ እንዲወጣ ስለማይፈቅድና ከኋላው ያለውም ተራው ስላልደረሰ መንገደኛን ስለማይቀበል፣ ተጓዡ በሞላ መናኸሪያ ውስጥ በባዶ መኪና ተቀምጦ ይጠብቃል።

ከመሀል ከተማው በፊት መውረድ

ሦስተኛው አማራጭ የሚያርመው ሁለቱን ጉድለቶች አንድ ላይ ነው፦ የመናኸሪያውን መግቢያ ትርምስ ያስቀራል፤ በሁለተኛው ጉዞም ቆሞ የሚሞላ መኪና ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለ መኪና ያስይዛል። ይሁን እንጂ የሚሠራው የመውረጃው ቦታ በትክክል ሲመረጥ ብቻ ነው፤ በትክክል ካልተመረጠ ከሦስቱም የከፋ ይሆናል።

ጥሩ የመቀየሪያ ቦታን የምለየው በመጀመሪያ በወራጅ ብዛት ነው። ሞልተው የሚመጡ ሚኒባሶች ወንበር የሚለቁት ብዙ ሰው አንድ ላይ በሚወርድበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ገበያ ወይም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ባሉበት ነው። ረዳቱ «ወራጅ አለ» እየተባለ ከሁለት ሦስት ሰው በላይ በሚያወርድበት ፌርማታ ለሚቆም ሰው ወንበር ይደርሰዋል፤ ከዚያ አንድ ፌርማታ ቀድሞ የቆመ ግን ሞልተው የሚያልፉትን ሲቆጥር ይውላል። ልዩነቱ ሦስት መቶ ሜትር የእግር መንገድ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚቆመው የወረደበት ቦታ ላይ ነው፤ ጥቂት ወደፊት ተራምዶ ሰው ወደሚወርድበት መሄድ ሲችል እዚያው ሠላሳ ደቂቃ የሚቆም ሰው ማየት የተለመደ ነው።

ሁለተኛው መለያ የመስመሮች መደራረብ ነው። ወደ መድረሻው የሚያመሩ ሦስት መስመሮች በአንድ መንገድ ላይ ለጥቂት ፌርማታዎች አብረው የሚሄዱ ከሆነ፣ መቀየሪያው ከተገናኙ በኋላ እንጂ ከመገናኘታቸው በፊት መሆን የለበትም። እያንዳንዱ በአማካይ በየ9 ደቂቃው የሚያልፍ ቢሆን፣ ከተገናኙ በኋላ ለቆመ ሰው በአማካይ በየ3 ደቂቃው አንድ ይመጣለታል። ይህ የሚጠቅመው ግን ሦስቱም ተጓዡን የሚያደርሱት ከሆነ ነው፤ አንዱ ከመድረሻው ርቆ የሚታጠፍ ከሆነ መቆጠር የለበትም።

ሦስተኛው መለያ መኪና ሊቆም የሚችልበት ቦታ መሆኑ ነው። ሾፌሮች ቅጣት በሚፈሩበት አደባባይ ወይም ማሳለጫ አጠገብ ባዶ ወንበር ያለው ሚኒባስ እንኳ አይቆምም። ጠዋት ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበት ቦታ ቀን ላይ ነጻ ስለሚሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተሞክሮ «ይቆማሉ» የተባለ ቦታ ሰኞ ጠዋት ላይሠራ ይችላል።

አንድ ጉዞ በቁጥር

ሦስቱን ጎን ለጎን ለማየት ከምሥራቅ ዳርቻ ተነስቶ በምዕራብ ዳርቻ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሥራ የሚገባ ሰው እንውሰድ። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰልፍ ለክቶ ይተካቸዋል።

የቀጥታው ሰልፍ 60 ሰዎች ያሉበትና በየ7 ደቂቃው የሚጫንበት ነው። አማካይ ጥበቃው 38 ደቂቃ፣ ጉዞው 55 ደቂቃ፣ ድምሩ 93 ደቂቃ ይሆናል። በመጥፎ ቀን ሰልፉ 42 ደቂቃ ቢወስድና አንድ መኪና ሳይመለስ ቀርቶ 7 ደቂቃ ቢጨመር 104 ደቂቃ ይደርሳል።

በመናኸሪያው በኩል የመጀመሪያው ሰልፍ 84 ሰዎች ቢኖሩበትም 15 ደቂቃ ይወስዳል። ጉዞው 35፣ በመናኸሪያው ውስጥ መሻገሩ 6፣ ሁለተኛው መኪና እስኪሞላ በአማካይ 6፣ ሁለተኛው ጉዞ 25 ደቂቃ ነው፤ ድምሩ 87። ሰልፉ በ1 ደቂቃ ቢረዝምና ባዶ መኪና ገጥሞ እስኪሞላ 12 ደቂቃ ቢጠበቅ 94 ይሆናል።

በሦስተኛው አማራጭ ሰውየው በዚያው የ15 ደቂቃ ሰልፍ ተሳፍሮ ከመናኸሪያው ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል፤ ጉዞው 24 ደቂቃ ነው። ወራጅ ወደሚበዛበት ፌርማታ 5 ደቂቃ ይራመዳል። እዚያ ሦስት መስመሮች ተደራርበው በየ3 ደቂቃው አንድ መኪና ያልፋል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ወንበር ስላለው በአማካይ 6 ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ ዳር ዳሩን ዞሮ የሚሄደው ጉዞ 28 ደቂቃ ነው፤ ድምሩ 78። ሰልፉ 16 ደቂቃ ቢሆንና መኪኖች ተያይዘው አልፈው 15 ደቂቃ ቢያስጠብቁት 88 ይሆናል።

ከአማካዩ ይልቅ የመጥፎውን ቀን ቁጥር መመልከት ይሻላል፤ ምክንያቱም ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት የሚወስነው እርሱ ነው። በቀጥታው የሚሄድ ሰው ሳይረፍድበት ለመድረስ በ12 ሰዓት ከ46፣ በመናኸሪያው የሚሄድ በ12 ሰዓት ከ56፣ ቀድሞ የሚወርደው ደግሞ በ1 ሰዓት ከ2 ሰልፉ ላይ መገኘት አለባቸው። ረጅም የሚመስለውን ሰልፍ የመረጠና ሁለት ጊዜ የተሳፈረ ሰው 16 ደቂቃ ዘግይቶ መውጣት ይችላል። በሌላ በኩል ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ታሪፍ በርቀት ደረጃ ስለሚወሰን ሁለት አጫጭር ጉዞዎች ከአንድ ረጅም ጉዞ ሊበልጡ ይችላሉ፤ በተለይ የመጀመሪያው ጉዞ ከአንድ የታሪፍ ደረጃ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚያልፍ ከሆነ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ልዩነቱን ሊያጠብ ስለሚችል ረዳቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምርጫው የሚገለበጥባቸው ሁኔታዎች

ሁለት ሰዎች አብረው ሲጓዙ ሦስተኛው አማራጭ ብዙ ጥቅሙን ያጣል፤ አንድ ወንበር ያላቸው ብዙ መኪናዎች ሲያልፉ ሁለት ያላቸው ጥቂት ናቸውና። እንዲህ ያለው ጉዞ ለመናኸሪያው ያደላል፤ እዚያ ሁለተኛው መኪና ባዶ ስለሆነ ሁለትም አራትም ሰው አብሮ ይቀመጣል። ተለያይቶ ተሳፍሮ መድረሻ ላይ መገናኘት ለሚችሉ ግን ሦስተኛው እንደነበረ ይቆያል።

ዝናብ ሲጥል ከሁሉ በፊት የሚበላሸው በመንገድ ላይ ያለው ፌርማታ ነው። በእግር የሚሄዱት ሰዎች ሚኒባስ ስለሚይዙ ወንበር ይጠፋል፣ ወራጁም ደጃፉ ካልደረሰ በቀር አይወርድም። በዝናብ ቀን መናኸሪያው ይሻላል፤ ቀጥታውም በመጥፎ ሰልፉ ተወዳዳሪ ይሆናል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ደግሞ በተማሪዎች መውረጃነት የተመረጠ መቀየሪያ ወራጅ ያጣል፤ መኪናዎቹ ግን ያን ጊዜ ቀድሞውኑ ቀለል ያሉ ስለሚሆኑ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።

መኪናዎች ከመነሻቸው ሞልተው በሚያልፉበት ሰፈር ለሚኖር ሰው አራተኛ መንገድ አለ፦ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ መስመሩ መነሻ ሄዶ እዚያ መሳፈር። ጠዋት ወደ መነሻው የሚመለሱት ሚኒባሶች ባዶ ስለሆኑ ለመሄዱ መጠበቅ የለም። የሚያዋጣው ወደ ኋላ የሚኬድበት ጊዜና በመነሻው ያለው ሰልፍ ተደምረው በሰፈሩ ፌርማታ ከሚጠበቀው ሲያንሱ ነው፤ ሞልተው የሚያልፉ አራት አምስት መኪናዎች በተከታታይ ካዩ ብዙውን ጊዜ ያንሳሉ። አንዳንድ ሾፌሮች ሲመለሱ የተሳፈረውን ሰው ሁለተኛ ሒሳብ አስከፍለው ሳያወርዱት ይዘውት ይመለሳሉ፤ ተራ በሚከበርበት መነሻ ግን የተሰለፉት ስለሚቃወሙ ይህ አይሠራም፣ ወርዶ መሰለፍ ግድ ነው።

ሰልፍን ትቶ መሄድ

የተመረጠው መንገድ በዕለቱ ሲከሽፍ የሚያስቸግረው ውሳኔ መቼ ትቶ መሄድ እንደሚገባ ነው። «ይህን ያህል ቆሜ እንዴት እተወዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ሰውን ያስራል፤ የቆሙት 25 ደቂቃ ግን በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ አይመለስም። መነጻጸር ያለበት ከዚህ በኋላ የቀረው ነው። በቀጥታው ሰልፍ ላይ 25 ደቂቃ ቆሞ ከፊቱ ገና 24 ሰዎች ያሉት ሰው ሦስተኛውን መኪና ይጠብቃል፤ ይህም ከ14 እስከ 21 ደቂቃ ነው። ከዚያም 55 ደቂቃ ይጓዛል፤ የቀረው 76 ቢሆን ነው። አሁን ወደ መሀል የሚሄደው ሰልፍ ቢዞር እንደገና 78 ደቂቃ ይጀምራል፤ ስለዚህ መቆየት አለበት። ከፊቱ 36 ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አራተኛውን መኪና እስከ 28 ደቂቃ ድረስ ይጠብቅ ስለነበር የቀረው እስከ 83 ይደርሳል፤ ያኔ መተው ይሻላል። በእነዚህ ቁጥሮች ወሰኑ ሁለት መኪና ከፊት መኖሩና ሦስት መኪና ከፊት መኖሩ መካከል ነው። እያንዳንዱ ሰው ይህን የራሱን ወሰን ሰልፍ ላይ ከመቆሙ በፊት፣ ሳይበሳጭ ባለበት ሰዓት አስልቶ ቢይዘው፣ ጠዋት የሚቀረው ሰው መቁጠር ብቻ ነው።